ካድን በሦስት ወር ለብቻ መማር፦ ቪዲዮው ሲዘጋ የሚጀምር ዕቅድ

ጥያቄ፦ «ሥራ ፈላጊ ነኝ። የማያቸው የመካኒካል ድራፍቲንግ ማስታወቂያዎች ሁሉ ካድ ይጠይቃሉ። ለኮርስ የምከፍለው ገንዘብ የለኝም፤ ኮምፒውተር ግን አለኝ፣ በቀን ሁለት ሦስት ሰዓትም አላጣም። ነጻ ቪዲዮዎችን እያየሁ ብዙ ነገር ሠርቻለሁ። ቪዲዮውን ዘግቼ አንድ ዕቃ ልሳል ስል ግን ከየት እንደምጀምር ይጠፋኛል። በሦስት ወር ለሥራ ፈተና የሚያበቃኝን ዕቅድ እንደ ታናሽ ወንድም ብትነግሩኝ፤ በየሳምንቱ ምን ልሥራ?»

መልስ፦

የጎደለህ ሌላ ቪዲዮ አይመስለኝም። ቪዲዮ እያየህ ስትሠራ ከባዱን ሥራ የሚሠራልህ መምህሩ ነው። የትኛው ቅርጽ ቀድሞ እንደሚወጣ፣ መነሻ ነጥቡ የት እንደሚሆን፣ የትኛው ልኬት ከየት ተነሥቶ እንደሚለካ እሱ ወስኖ ጨርሷል። ላንተ የሚተርፍህ ቁልፍ መጫን ነው። የሥራ ፈተና ላይ ግን ወረቀት ላይ የታተመ ሥዕል ይሰጡህና ውሳኔው ሁሉ ያንተ ይሆናል። ስለዚህ ይህ ዕቅድ ለቪዲዮ የሚሰጠው ከጊዜህ አንድ አምስተኛውን ያህል ነው፤ የቀረው ቪዲዮ ተዘግቶ የሚሠራ ነው። የሠራኸው ትክክል መሆኑን የሚነግርህ መምህር አጠገብህ ስለሌለ ደግሞ ሥራህን በቁጥር መፈተሽን ከሁለተኛው ሳምንት ጀምረህ ትለምዳለህ።

ፕሮግራሙና የሳምንቱ አካሄድ

ከሁሉ በፊት ልትወዳደርባቸው የምትፈልጋቸውን ሃያ ያህል ማስታወቂያዎች ሰብስብና የትኛው ፕሮግራም ስንት ጊዜ እንደተጠራ ቁጠር። አብዛኞቹ የሕንፃ ፕላን የሚፈልጉና አውቶካድ የሚሉ ከሆኑ ይህ ዕቅድ ያንተ አይደለም፤ ያ በሁለት አቅጣጫ የሚሳል ሌላ ሙያ ነው። የማሽን ክፍል፣ የብረት ሥራ፣ ማምረቻ የሚሉ ከሆኑ ግን ቀጥል።

ለመማሪያ ፍሪካድን ውሰድ። ነጻ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ የፋይል ብዛትም አይገድብህም። በኦንሼፕ ነጻ አካውንት የምትሠራው ሁሉ ለማንም ክፍት ነው፤ የፊውዥን የግል ፈቃድ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከ10 በላይ ፋይል እንድታርም አይፈቅድልህም። ይህ ለመማር ያን ያህል አያስከፋም፤ ኮምፒውተርህ ደካማ ሆኖ ኢንተርኔትህ ጥሩ ከሆነ በብራውዘር የሚከፈተው ኦንሼፕ ሊሻልህ ይችላል። ማስታወቂያዎቹ ሶሊድወርክስ ወይም ኢንቬንተር ቢሉም አትደንግጥ። በሁሉም ዘንድ ሥራው አንድ ነው፦ ስኬች የሚባለውን ጠፍጣፋ ሥዕል ትስላለህ፣ በልኬት ታስረዋለህ፣ ከዚያ ወደ ጠጣር አካል ትለውጠዋለህ። ፍሪካድ ላይ `Pad` የሚባለው ሶሊድወርክስ ላይ `Extruded Boss/Base` ነው፤ `Pocket` የሚባለው ደግሞ `Extruded Cut`። ስሙን ለመልመድ ብዙ ጊዜ አይፈጅም፤ ዘዴውን ለመልመድ ግን ወራት ይፈጃል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ፍሪካድ 1.0 የወጣው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው፤ ክፍሎችን መገጣጠሚያ የሆነው የራሱ `Assembly` ገጽም የመጣው ያኔ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያሉት ብዙ ነጻ ትምህርቶች ግን ከዚያ በፊት በነበሩ እትሞች የተቀረጹ ናቸው። ቁልፉ መምህሩ ባለበት ቦታ ካጣኸው ጥፋቱ ያንተ ላይሆን ይችላል። ቪዲዮ ከመጀመርህ በፊት በየትኛው እትም እንደተሠራ እይ፤ 1.0 ወይም ከዚያ ወዲህ የሆነውን ምረጥ።

ሳምንቱን በአምስት ቀን ከፍለው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ትምህርት ማውሱን ሳትነካ ተመልከትና የሥራውን ቅደም ተከተል በወረቀት ጻፍ። በማግስቱ ቪዲዮውን ሳትከፍት በወረቀቱ ብቻ ሥራው። ስትቸገር ተመልሰህ ማየት ትችላለህ፤ ነገር ግን የተቸገርክበትን ቦታ ጻፈው፤ የሳምንቱ እውነተኛ ትምህርት እሱ ነውና። ሦስተኛውና አራተኛው ቀን የሳምንቱ ፕሮጀክት ናቸው፤ ለዚህ ምንም ቪዲዮ የለም። አምስተኛው ቀን የፍተሻና የማሻሻያ ነው።

የመጀመሪያው ወር፦ ስኬችና ነጠላ ክፍል

አንደኛው ሳምንት ሙሉ በሙሉ ስኬች ላይ ይሁን። ፕሮጀክቱ ጠፍጣፋ ነገር ነው፦ አራት ቀዳዳ ያለው ሳህን፣ ከዚያም ማዕዘኖቹ የተጠጋጉ ጋስኬት። ጀማሪዎች ይህን ሳምንት ይንቁታል፤ ኋላ ላይ የሚበላሸው ነገር ሁሉ ግን ከዚህ ይነሣል። ስኬች ላይ ያለ ማንኛውም መስመር ገደብ እስኪደረግበት ድረስ ነጻ ነው፤ ሊንሸራተት፣ ሊረዝም፣ ሊዞር ይችላል። በሬክታንግል መሣሪያ አራት ማዕዘን ስትስል ፕሮግራሙ ጫፎቹን ያገናኛል፣ መስመሮቹንም አግድምና ቁልቁል አድርጎ ያስራል። ያን ጊዜ የሚቀሩት ነጻነቶች አራት ናቸው፦ ስፋቱ፣ ቁመቱ፣ በአግድም የት እንዳለና በቁልቁል የት እንዳለ። አራቱንም ስትዘጋ ስኬቹ አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴ ያልሆነ ስኬች ወደ ጠጣር አካል አትለውጥ፤ በኋላ አንድ ቁጥር ስትቀይር ያልታሰረው መስመር ወዳልፈለግከው ቦታ ይሸሻል።

አረንጓዴ ለማድረግ አቋራጭ መንገድም አለ፤ እሱን አትልመድ። `Block` የሚባለው ገደብ መስመሩን ባለበት ያደርቀዋል፤ ስኬቹ ታስሯል ይባላል፣ ልኬት ግን የለውም። ሥራህን የሚያይ ሰው ስኬቹን ከፍቶ ቁጥር በሌለበት ቦታ `Block` ሲያገኝ ወዲያው ያውቅብሃል።

ሁለተኛው ሳምንት የዕቅዱ መሠረት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልንገርህ። ፕሮጀክቱ ኤል ቅርጽ ያለው የብረት ብራኬት ነው። መሠረቱ 80 ሚሜ ይረዝማል፤ የግድግዳው ቁመት ከመሠረቱ ታች ሲለካ 60 ሚሜ ነው፤ ሁለቱም 10 ሚሜ ውፍረት አላቸው፤ የሁሉም ወርድ 50 ሚሜ ነው። መሠረቱ ላይ ዲያሜትራቸው 9 ሚሜ የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ ማዕከላቸው ከግድግዳው ውጫዊ ፊት 55 ሚሜ ይርቃል፣ በመካከላቸውም 30 ሚሜ አለ። ግድግዳው ላይ ዲያሜትሩ 20 ሚሜ የሆነ አንድ ቀዳዳ አለ፤ ማዕከሉ ከታች 38 ሚሜ ላይ ነው። ግድግዳውና መሠረቱ የሚገናኙበት የውስጥ ማዕዘን በ8 ሚሜ ራዲየስ የተሞላ ነው።

ከየት ይጀመራል? ብዙ ሰው ሳህኑን ይሠራና ግድግዳውን ላዩ ላይ ይተክላል። ይቻላል፤ እኔ ግን ከጎን ሲታይ የሚመጣውን የኤል ቅርጽ በ`XZ` ወለል ላይ በአንድ ስኬች እንድትስለው እመክርሃለሁ። ስድስት መስመር ነው። ጫፎቹ ሲገናኙና መስመሮቹ አግድምና ቁልቁል ሲሆኑ ስድስት ነጻነት ይቀራል። የውጭውን ማዕዘን መነሻ ነጥቡ ላይ ስታስር ሁለቱ ይሄዳሉ፤ የሚቀሩት አራቱ 80፣ 60፣ 10 እና 10 ናቸው። ሥዕሉ ላይ ያሉት ቁጥሮች አንድ ሳይተርፍና ሳይጎድል ስኬቹን ዘጉት ማለት ነው። ቁጥሮቹ አልቀው ነጻነት ከቀረ ወይም ስኬቹ ተዘግቶ ቁጥር ከተረፈ ሥዕሉን የተረዳህበት መንገድ ላይ ችግር አለ።

ከዚያ በ`Pad` 50 ሚሜ አውጣው፤ ነገር ግን ከስኬቹ ወዲያና ወዲህ እኩል 25 እንዲወጣ አድርግ። እንዲህ ካደረግክ የዕቃው መሐል በዋናው ወለል ላይ ይውላል፤ ሁለቱን የመሠረት ቀዳዳዎች ከ`X` ዘንግ ግራና ቀኝ እኩል እንዲሆኑ ማሰር ቀላል ይሆናል። ለቀዳዳዎቹ ስኬቹን ዕቃው ፊት ላይ አትለጥፍ፤ በዋናዎቹ ወለሎች ላይ አድርገው፦ የመሠረቱን በ`XY`፣ የግድግዳውን በ`YZ`። ምክንያቱም ፊት ላይ የተለጠፈ ስኬች ያ ፊት ሲለወጥ መያዣውን ሊያጣና ሊዘል ይችላል። 1.0 ይህን የቆየ ችግር በጣም ቀንሶታል፤ ጨርሶ ግን አላጠፋውም። `Pocket` ስትል ምንም ቀዳዳ ካልወጣ የምትቆፍረው ወደ ባዶው አቅጣጫ ነው፤ `Reversed` የሚለውን ምረጥ። የቀዳዳውን ጥልቀት ደግሞ 10 ብለህ አትጻፍ፤ `Through all` አድርገው። ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይተህ ታያለህ። የ8 ሚሜ ሙሌቱን በ`Fillet` በመጨረሻ ጨምረው።

አሁን ፍተሻው። ፕሮግራሙን ሳትጠይቅ በመጀመሪያ ይዘቱን በወረቀት አስላ። መሠረቱ 80 × 50 × 10 ነውና 40,000 ኩቢክ ሚሊሜትር ይሆናል። ከመሠረቱ በላይ ያለው ግድግዳ 50 × 50 × 10፣ ማለትም 25,000 ነው። ሁለቱ ትንንሽ ቀዳዳዎች 1,272 ይቀንሳሉ፤ ትልቁ 3,142 ይቀንሳል። ሙሌቱ 687 ይጨምራል። ድምሩ 61,273 ገደማ ነው። ከዚያ ፍሪካድ ላይ ከ`View` ምናሌ `Panels` ውስጥ የ`Python console`ን ክፈት፤ ከግራ ካለው ዝርዝር አካሉን ምረጥና ይህን ጻፍ፦

```
Gui.Selection.getSelection()[0].Shape.Volume
```

መልሱ በኩቢክ ሚሊሜትር ነው። ከ61,273 ጋር ከተገጣጠመ ጨርሰሃል። ካልተገጣጠመ ልዩነቱ ራሱ የት እንዳጠፋህ ይጠቁምሃል። ልክ 5,000 ከበለጠ 60 ሚሜውን ከመሠረቱ ታች መለካት ሲገባህ ከመሠረቱ ላይ ለክተኸዋል። 3,817 ከጎደለ የሁለቱን ቀዳዳዎች ዲያሜትር በራዲየስ ቦታ አስገብተሃል። 687 ከጎደለ ሙሌቱን ረስተሃል፤ 636 ከበለጠ ከትንንሾቹ አንዱ ቀዳዳ አልወጣም። ይዘቱን በብረት ጥግግት፣ በአንድ ኩቢክ ሴንቲሜትር 7.85 ግራም፣ ብታባዛው ዕቃው 481 ግራም ገደማ ይመዝናል። ይህን ልማድ አክብደህ ያዘው። የሥራ ፈተና ላይ ይኸው ክብደት ሊጠየቅ ይችላል፤ የሶሊድወርክስ የጀማሪ ብቃት ፈተናም የሚያርመው በዚሁ መንገድ ነው። ሥዕል ይሰጥሃል፣ ትሠራዋለህ፣ የክብደቱን ቁጥር ትመልሳለህ። ቀጥሎ አንድ ልኬት ቀይሮ እንደገና ይጠይቅሃል።

ያ ሁለተኛው ጥያቄ ነው ብዙዎችን የሚጥለው። ስለዚህ በአምስተኛው ቀን የለውጥ ፈተና አድርግ። ወደ መጀመሪያው ስኬች ተመለስና የግድግዳውን ውፍረት ከ10 ወደ 14 ቀይረው። ቀዳዳውን `Through all` ካደረግከው ወፍራሙን ግድግዳ አልፎ ይወጣል፤ ይዘቱም 70,016 ገደማ ይሆናል። 10 ብለህ ጽፈህ ከሆነ ግን ቀዳዳው መሐል ላይ ቆሞ ታገኘዋለህ፣ ይዘቱም 71,273 ይሆናል። ከውጭ ስታየው ሁለቱም ቀዳዳ ይመስላሉ፤ ልዩነቱን የሚያወጣው ቁጥሩ ነው።

ቀጥሎ ወርዱን ከ50 ወደ 70 አሳድገው። የመሠረቱ ቀዳዳዎች ምን መሆን ነበረባቸው? ከጠርዙ 10 ሚሜ ርቀው መቆየት ወይስ በመካከላቸው ያለውን 30 ሚሜ መጠበቅ? መልሱ ሥራው ላይ ነው ያለው። ብራኬቱ የሚታሰረው ቀዳዳው ተበስቶ ባለቀ ሌላ አካል ላይ ከሆነ 30 ሚሜው መነካት የለበትም፤ ስለዚህ ስኬቹ ላይ ቁጥሩን የምትጽፈው በሁለቱ ማዕከሎች መካከል ነው። ከጠርዝ ለክተህ ከሆነ ወርዱ ሲሰፋ ቀዳዳዎቹ ተራርቀው ብሎኑ አይገባም። ቪዲዮ ላይ ስታይ መምህሩ ዝም ብሎ ቁጥር ያስቀመጠ ይመስልሃል፤ ይህን ነበር የወሰነው።

ሦስተኛው ሳምንት ለክብ ዕቃ ነው። በቶርኖ የሚሠራ ባለ ደረጃ ዘንግ ውሰድ፦ 30 ሚሜ ዲያሜትር ያለው 40 ሚሜ ርዝመት፣ ቀጥሎ 20 ሚሜ ዲያሜትር ያለው 60 ሚሜ ርዝመት። የጎን ግማሹን ስለህ በ`Revolution` አዙረው። ይዘቱ 47,124 መሆን አለበት። አራት እጥፍ ከመጣ ግማሹን ስኬች በዲያሜትር ስለኸዋል ማለት ነው። በዚህ ሳምንት የሚሠራ ስህተት አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ስለሆነ ብዙ አልጨምርበትም።

አራተኛው ሳምንት ሥዕል የሌለው ፕሮጀክት ነው። ቤት ውስጥ ያለ የብረት ወይም የፕላስቲክ ዕቃ፣ ለምሳሌ የበር ማጠፊያ ወይም የመሳቢያ እጀታ፣ ውሰድና በካሊፐር ለካው። ካሊፐር ከሌለህ በማስመሪያ ጀምር፤ ስህተቱ ቢሰፋም ሥራው አንድ ነው። እዚህ የምትማረው መለካትን ብቻ አይደለም። ካሊፐሩ 19.87 ካለህ ዕቃውን የሠራው ሰው 20 አስቦ ነበር ብለህ መገመትን ነው። 19.87 ብሎ የሚጽፍ ድራፍትማን ዕቃውን ገልብጧል እንጂ አልተረዳውም። ዕቃው ትንሽና ሚዛን ካለህ ደግሞ የፕሮግራሙን ክብደት ከሚዛኑ ጋር አስተያየው።

ሁለተኛው ወር፦ ለሠሪው የሚሰጠው ሥዕል

ብዙ ነጻ ትምህርቶች የሚያልቁት ዕቃው በስክሪኑ ላይ ሲያበራ ነው። ድራፍትማን የሚከፈለው ግን ለዚያ አይደለም፤ ለወረቀቱ ነው። ስለዚህ አምስተኛውና ስድስተኛው ሳምንት በ`TechDraw` ገጽ ያልፋሉ። የሁለተኛውን ሳምንት ብራኬት አምጣና በኤ4 ገጽ ላይ ከፊት፣ ከላይና ከጎን አሳየው።

የመጀመሪያው ውሳኔ እይታዎቹ የት ይቀመጣሉ የሚለው ነው። `First Angle` በሚባለው አሠራር ከላይ የታየው ከፊት እይታው በታች ይቀመጣል፤ `Third Angle` በሚባለው ደግሞ ከላዩ ይቀመጣል። አውሮፓና አብዛኛው ዓለም የመጀመሪያውን ይጠቀማሉ፤ አሜሪካ፣ ካናዳና ጃፓን ሁለተኛውን። ሥዕሉን የሚያነበው ሰው በሌላው አሠራር ካነበበው ግራና ቀኙ የተገለበጠ ዕቃ ሊሠራ ይችላል። ለዚህ ነው የተቆረጠ ሾጣጣ የሚያሳየው ትንሽ ምልክት ሰንጠረዡ ውስጥ የሚቀመጠው። እሱን የረሳ ሥዕል ለፈታኝ ወዲያው ይታያል።

ሁለተኛው ውሳኔ ልኬቶቹ ናቸው። ብራኬታችን በሙሉ የሚገለጸው በአሥራ አንድ ቁጥር ነው፦ 80፣ 60፣ ሁለቱ ውፍረቶች፣ 50፣ 55፣ 30፣ 2 × `Ø9`፣ 38፣ `Ø20` እና `R8`። የመሐል መስመሩም ሁለቱ ቀዳዳዎች ከመሐል እኩል መራቃቸውን ይናገራል። ጀማሪ «ይረዳዋል» ብሎ ሌላ ይጨምራል፤ ለምሳሌ ከግድግዳው ውስጥ እስከ መሠረቱ ጫፍ ያለውን 70። ችግሩ እንዲህ ነው። ሥዕሉ ላይ አይኤስኦ 2768 መካከለኛ ደረጃ የሚል ጠቅላላ የመቻቻል መጠን ካለ 10 ሚሜ በ0.2 ሊሳሳት ይፈቀድለታል፤ 70 ሚሜ በ0.3፤ 80 ሚሜም በ0.3። 10ና 70 የተፈቀደላቸውን ያህል ቢሳሳቱ ድምሩ በ0.5 ይሳሳታል፤ 80ው ግን 0.3 ብቻ ነው የፈቀደው። ሠሪው የትኛውን ይታዘዝ? አንድ ርቀት በሁለት መንገድ ሲጻፍ ሥዕሉ ራሱን ይቃረናል።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ የሥዕልህ ፈተና ይህ ይሁን፦ ፒዲኤፉን ብቻ ያዝና አዲስ ፋይል ከፍተህ ዕቃውን ከሥዕሉ እንደገና ሥራው። የሚማር ጓደኛ ካለህ ለእሱ ብትሰጠው ይሻላል፤ አንተ ዕቃውን በአእምሮህ ስለምታውቀው የጎደለውን ቁጥር ሳታስበው ትሞላዋለህ። አንድ ጥያቄ ከጠየቀህ ሥዕሉ ላይ የጎደለ ነገር አለ። የሠራው ይዘት 61,273 ከሆነ ሥዕልህ ሠርቷል።

ሰባተኛው ሳምንት የቀዳዳና የብሎን ነው። ብራኬቱ ላይ ቀዳዳው 9 ሚሜ የሆነው 8 ሚሜ ብሎን በነጻ እንዲያልፍበት ነው። ብሎኑ በራሱ በብረቱ ጥርስ ውስጥ የሚይዝ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚበሳው 6.8 ሚሜ ነበር፤ ከ8 ላይ የጥርሱን እርምጃ 1.25 ስትቀንስ የሚመጣው 6.75 ተጠጋግቶ ማለት ነው። እነዚህን ሁለት ዓይነት ቀዳዳዎች አለመለየት ቀላል ስህተት ይመስላል፤ ፋብሪካ ላይ ግን ዕቃ ያስጥላል። ፕሮጀክቱ በብራኬቱ የሚያያዙ ሁለት ሳህኖች ይሁን፤ አንዱ በብሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ የሚታሰር፣ አንዱ በጥርስ የሚይዝ። በፍሪካድ `Hole` መሣሪያ ላይ ጥርሱን በትክክለኛ ቅርጹ የሚያወጣውን ምርጫ ተወው። ጥርስ በስም ነው የሚገለጸው፤ በቅርጽ ካወጣኸው ፋይሉ ይከብዳል እንጂ ሠሪው የሚያገኘው ነገር የለም።

ስምንተኛው ሳምንት የእረፍትና የማካካሻ ነው። እስከዚህ ድረስ «የተቸገርኩበት» ብለህ የጻፍካቸውን አውጣና ሦስት የተደጋገሙትን መርጠህ ሥራቸው። ወደ ኋላ ቀርተህ ከሆነ እዚህ ትደርሳለህ።

ሦስተኛው ወር፦ አንድ ሙሉ ሥራ

አሁን አሥር ትንንሽ ዕቃ ከመሥራት አንድ ማሽን መሥራት ይበልጣል። እኔ የምመርጠው ትንሽ ሞርሳ ነው፤ ተንሸራታች ክፍል፣ የሚዞር ክፍል፣ ብሎንና ክብ ዘንግ በአንድ ቦታ ስለሚገናኙበት።

ዘጠነኛው ሳምንት ክፍሎቹን ነው የምትሠራው፦ አካሉን ከቋሚው መንጋጋ ጋር፣ ተንቀሳቃሹን መንጋጋ፣ ዋናውን ዘንግ፣ እጀታውን፣ ሁለቱን የመንጋጋ ሳህኖች። እያንዳንዱን ከመጀመርህ በፊት በምን እንደሚሠራ ጠይቅ። በፍሬዛ የሚቆፈር ኪስ የውስጥ ማዕዘኑ ስል ሊሆን አይችልም፤ መቁረጫው ክብ ስለሆነ ማዕዘኑ ቢያንስ የመቁረጫው ራዲየስ ያህል ይጠጋጋል። ስል አድርገህ ከሳልከው ሥዕልህ የማይሠራ ነገር ጠይቋል። ከተቻለህ አንድ ቀን ቶርኖና ፍሬዛ ያለበት ወርክሾፕ ገብተህ ሲሠራ ተመልከት፤ የዚህ ዓይነቱን ነገር ቪዲዮ በደንብ አያሳይህም።

አሥረኛው ሳምንት በ`Assembly` መገጣጠም ነው። አካሉን የማይንቀሳቀስ መሠረት አድርገው፤ ተንቀሳቃሹን መንጋጋ በ`Slider`፣ ዋናውን ዘንግ በ`Revolute` አያይዘው። አንድ ክፍል ላይ ከሚያስፈልገው በላይ ማያያዣ ብታበዛ ሞርሳው ወይ ይደርቃል ወይ ስህተት ይጮኻል፤ የምትፈልገው እንቅስቃሴ ብቻ እስኪቀር አንድ በአንድ ጨምር። ከዚያ ሒሳቡን ከእንቅስቃሴው ጋር አስተያይ። የዘንጉ ጥርስ እርምጃ 4 ሚሜ ከሆነና መንጋጋው 60 ሚሜ የሚከፈት ከሆነ እጀታው 15 ዙር መዞር አለበት፤ ዘንጉም ያን ያህል ጥርስ ሊኖረው ይገባል። መንጋጋው ሙሉ በሙሉ ሲዘጋና ሲከፈት ዕቃውን በመቁረጫ ወለል ቁረጠውና ወደ ውስጥ እይ፤ አንዱ ብረት በሌላው ውስጥ የገባበት ቦታ ከውጭ የማይታይ ቢሆንም እዚያ ይታያል።

አሥራ አንደኛው ሳምንት ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ገጽ ሥዕል፣ ለሙሉው ደግሞ ቁጥር የተሰጠው የክፍል ዝርዝር ያለበት አንድ ገጽ ታወጣለህ። የዝርዝሩ ቁጥሮች ከሥዕሎቹ ቁጥሮች ጋር መጣጣማቸውን ሁለት ጊዜ አረጋግጥ፤ አሰልቺ ነው፣ የድራፍትማን ሥራ ግማሹም ይኸው ነው።

አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ፈተናና ማኅደር ነው። ከዚህ በፊት ያላየሃቸውን አምስት የልምምድ ሥዕሎች ፈልግና በየቀኑ አንዱን በአንድ ሰዓት ውስጥ ሥራ፤ ይዘቱን አስላ፣ ከዚያ አንድ ልኬት ቀይረህ እንደገና አስላ። ሰዓቱ ካለቀብህ የት እንዳለቀ እይ። ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው በመሣል አይደለም፤ ከየት እንደሚጀመር ሳይወስኑ መዳፊቱን ከማንቀሳቀስ ነው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች በወረቀትና በእርሳስ አሳልፋቸው።

ማኅደርህ ውስጥ ሦስት ነገር ይበቃል፦ ብራኬቱ ከለውጥ ፈተናው ጋር፣ ለክተህ የሠራኸው ዕቃ ከፎቶው ጋር፣ ሞርሳው ከሙሉ ሥዕሎቹ ጋር። ከኢንተርኔት ያወረድከውን ሞዴል አትጨምር፤ ፈታኙ ስኬቹን ክፈትልኝ ካለህ ያልቅልሃል። ለእያንዳንዱ የፍሪካዱን ፋይል፣ ማንኛውም ፕሮግራም የሚከፍተውን `.step` እና ፒዲኤፉን አስቀምጥ። የሥራ ልምድ መግለጫህ ላይ «ሶሊድወርክስ አውቃለሁ» ብለህ አትጻፍ፤ «በፍሪካድ የነጠላ ክፍል፣ የመገጣጠሚያና የሥራ ሥዕል» ብለህ ጻፍ። ማስታወቂያው ሶሊድወርክስ የሚጠይቅ ከሆነ የሙከራ እትም አግኝተህ ያንኑ ብራኬት እዚያ ሥራው፤ መልሱን አስቀድመህ ስለምታውቅ ጊዜህ የሚሄደው ቁልፎቹን በማወቅ ላይ ብቻ ነው።

ማመልከቻ ስትልክ ለረዳት ድራፍትማን ወይም ለጀማሪ ደረጃ ላክ። በዚህ ሦስት ወር የላሜራ አጣጠፍን፣ የብየዳ ሥዕልን፣ የኩሽኔታ ልክ አመራረጥን አልነካንም። ቃለ መጠይቅ ላይ ስለነዚህ ከተጠየቅክ እንዳልሠራኸው ተናገርና ሞርሳውን ክፈትለት።